የወሩ ሽያጭ ስንት ይሆናል? በእጅ ካሉ ፕሮፎርማዎች ተነስቶ ማስላት

ወር ሲጠባ የድርጅት ባለቤት የሽያጭ ኃላፊውን «በዚህ ወር ስንት እንሸጣለን?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ ኃላፊ ያለፈውን ወር ሽያጭ ወስዶ ትንሽ ይጨምርበታል። ሌላው በድርድር፣ በፕሮፎርማና በጥያቄ ላይ ያሉትን ደንበኞች ሁሉ ደምሮ «ከእነዚህ ይህን ያህሉ ይገዛሉ» ይላል። ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ስንቶቹ እንደሚገዙ እንጂ መቼ እንደሚገዙ አይናገርም። የወር ትንበያ ደግሞ ሁለቱንም ካልያዘ የወር ትንበያ አይደለም።

ሁለቱን ጥያቄዎች የሚመልሱ ሁለት መለኪያዎች አሉ። የመጀመሪያው የማለፍ ምጣኔ ነው፤ ከአንድ የሽያጭ ደረጃ ወደሚቀጥለው ከመቶ ስንት ደንበኛ እንደሚያልፍ ያሳያል። ሁለተኛው የሽያጩ ርዝመት ነው፤ ደንበኛው መጀመሪያ ከጠየቀበት ቀን ውል እስከፈረመበት ቀን ስንት ቀን እንዳለፈ ይለካል። ሁለቱም የሚገኙት ድርጅቱ ራሱ ካለው መዝገብ ነው።

ደረጃዎቹን መለየት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃና የሊጥ ማቡኪያ ማሽን እያስመጣ የሚሸጥ ድርጅት አለ እንበል። ገዢዎቹ ዳቦ ቤቶች፣ ሆቴሎችና አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን የጄኔሬተርም ሆነ የሒሳብ ሶፍትዌር ሻጭ ሊጠቀምበት የሚችል ነው።

የዚህ ድርጅት ሽያጭ አራት ደረጃዎችን ያልፋል። ደንበኛው ደውሎ ወይም መጥቶ ይጠይቃል። ቀጥሎ የሽያጭ ሠራተኛው ደንበኛውን አግኝቶ ምን እንደሚፈልግ ያጣራል፤ ይህን ጉብኝት እንበለው። ከዚያ ፕሮፎርማ ይሰጣል። ፕሮፎርማውን የተቀበለው ደንበኛ ስለ ዋጋ፣ ስለ ማስረከቢያ ጊዜና ስለ ክፍያ መነጋገር ሲጀምር ድርድር ውስጥ ገባ ማለት ነው። በመጨረሻ ውል ተፈርሞ ቅድመ ክፍያ ሲገባ ሽያጭ ሆነ ተብሎ ይመዘገባል።

እያንዳንዱ ደረጃ የሚጀምርበት ምልክት ደንበኛው ወይም ሻጩ የሚያደርገው የሚታይ ነገር መሆን አለበት። ፕሮፎርማ የተሰጠበት ቀን ወረቀቱ ላይ አለ፤ ቅድመ ክፍያ የገባበት ቀንም በባንክ መግለጫ ላይ ይገኛል። «ደንበኛው ጥሩ ፍላጎት አሳይቷል» የሚል ደረጃ ግን ለአንዱ ሠራተኛ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ደረጃ የሚወጣ ምጣኔም የሠራተኛውን ስሜት እንጂ የደንበኛውን ውሳኔ አይለካም።

ምጣኔውን ከየትኛው መዝገብ እናውጣ?

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የዚህን ወር ሽያጭ ለዚህ ወር ጥያቄ ያካፍሉና ምጣኔ አገኘን ይላሉ። ነገር ግን በዚህ ወር የገዙት ሰዎች የጠየቁት ከሦስት ወር በፊት ነው። ድርጅቱ በወትሮው በወር 67 ጥያቄ እየተቀበለ 6 ይሸጣል እንበል፤ ይህ 9 በመቶ ነው። አንድ ወር በኤግዚቢሽን ተሳትፎ ጥያቄው እጥፍ፣ ማለትም 134 ሆነ። የዚያ ወር ሽያጭ ግን ያው 6 ነውና ምጣኔው ወደ 4.5 በመቶ የወረደ ይመስላል። ከሦስት ወር በኋላ የኤግዚቢሽኑ ደንበኞች ሲገዙ ሽያጩ 12፣ ጥያቄው ደግሞ ወደ 67 ተመልሷል፤ አሁን ምጣኔው 18 በመቶ የደረሰ ይመስላል። በመጀመሪያው ወር ሠራተኞቹ ተወቅሰው፣ በኋለኛው ተሸልመው ይሆናል። በእርግጥ ግን ከመቶ ጠያቂ የሚገዛው በሁለቱም ወር 9 ነበር።

ትክክለኛው መንገድ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የጠየቁትን ሰዎች በስም ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። የእኛ ድርጅት ባለፈው ዓመት ከጥር እስከ መጋቢት የጠየቁትን 200 ሰዎች ይወስዳል። አሁን ጥቅምት 1 ነውና ከሞላ ጎደል ሁሉም ወይ ገዝተዋል ወይ ትተዋል። የሰኔን ወይም የነሐሴን ጠያቂዎች ብንወስድ ገና ያልወሰኑት ብዙ ስለሚሆኑ ምጣኔው ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

መዝገቡ ሲታይ ከ200ዎቹ ጠያቂዎች 100ዎቹ ተጎብኝተዋል። ከ100ዎቹ 60ዎቹ ፕሮፎርማ ወስደዋል። ከ60ዎቹ 24ቱ ወደ ድርድር ገብተዋል። ከ24ቱ 18ቱ ገዝተዋል። እንግዲህ ድርድር ላይ የደረሰ ደንበኛ የመግዛት ዕድሉ 18 ለ24፣ ማለትም 75 በመቶ ነው። ፕሮፎርማ የያዘው 18 ለ60፣ 30 በመቶ ነው። የተጎበኘው 18 በመቶ፣ የጠየቀው ብቻ 9 በመቶ ነው።

ስንት ይገዛሉ?

ጥቅምት 1 ጠዋት በድርጅቱ መዝገብ ላይ 40 ሰዎች በጥያቄ፣ 25 በጉብኝት፣ 20 በፕሮፎርማ፣ 8 ደግሞ በድርድር ደረጃ ላይ ናቸው። እያንዳንዱን በዕድሉ እናባዛው። ከ40ዎቹ ጠያቂዎች 3.6፣ ከ25ቱ ተጎብኚዎች 4.5፣ ፕሮፎርማ ከያዙት 20 ሰዎች 6፣ ከ8ቱ ተደራዳሪዎች ደግሞ 6 ሽያጭ ይጠበቃል። ድምሩ 20.1 ነው። አንድ ሽያጭ በአማካይ 800 ሺህ ብር ከሆነ፣ በእጅ ካለው ሥራ የሚጠበቀው 16 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው።

ኃላፊው ይህን ቁጥር ይዞ «ጥቅምት 16 ሚሊዮን እንሸጣለን» ቢል ወሩ ሲያልቅ ያፍራል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን 16 ሚሊዮኑ የአንድ ወር አይደለም።

መቼ ይገዛሉ?

ይኸው መዝገብ የገዙት ሰዎች በየደረጃው ስንት ቀን እንደቆዩም ይነግረናል። በጥያቄ 10 ቀን፣ በጉብኝት 20፣ በፕሮፎርማ 40፣ በድርድር 20 ቀን ቆይተዋል እንበል። ከጥያቄ እስከ ውል በአማካይ 90 ቀን ነው። ከዚህ ተነስተን እያንዳንዱ ደንበኛ ስንት ቀን እንደሚቀረው ማስላት እንችላለን። ትናንት ድርድር የጀመረ 20 ቀን ያህል ይቀረዋል። ትናንት ፕሮፎርማ የተሰጠው 60፣ ትናንት የተጎበኘው 80፣ ትናንት የጠየቀው 90 ቀን ይቀረዋል። ደረጃው ውስጥ ቀድሞ የቆየ ከሆነ ያሳለፋቸው ቀናት ይቀነሱለታል።

አሁን ደንበኞቹን በየወራቸው እንደልድል። 8ቱ ተደራዳሪዎች ከ20 ቀን የበለጠ ስለማይቀራቸው የጥቅምት ናቸው። ፕሮፎርማ ከያዙት 20 ሰዎች 8ቱ የተቀበሉት ከመስከረም በፊት ነው፤ ቢያንስ 30 ቀን ስላለፋቸው የሚቀራቸው ቢበዛ 30 ቀን ነው፤ እነሱም የጥቅምት ናቸው። የቀሩት 12ቱ ፕሮፎርማውን የወሰዱት በመስከረም ነውና ውሳኔያቸው የሚጠበቀው በኅዳር ነው። የተጎበኙትና የጠየቁት ብቻ ከ60 እስከ 90 ቀን ስለሚቀራቸው ወደ ታኅሣሥ ይሄዳሉ።

ስለዚህ የጥቅምት ግምት 6 ሲደመር 2.4፣ ማለትም 8.4 ሽያጭ ወይም 6.7 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። የኅዳር 3.6 ሽያጭ፣ 2.9 ሚሊዮን ብር ገደማ። የታኅሣሥ 8.1 ሽያጭ፣ 6.5 ሚሊዮን ብር ገደማ። ያው 20.1 ሽያጭ ነው፤ አሁን ግን ወር ወር አግኝቷል።

ከሦስቱ ወሮች ዓይን የሚገባው ኅዳር ነው። በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ጉብኝቱ ስለቀዘቀዘ በመስከረም የተሰጠው ፕሮፎርማ ጥቂት ነበር፤ የዚያ ውጤት በኅዳር ይታያል። ባለቤቱ ይህን ጥቅምት 1 ካወቀ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ዛሬ የሚወጣ ማስታወቂያ ኅዳርን አያድናትም፤ ዛሬ የሚጠይቅ ሰው በአማካይ የሚገዛው በጥር ነውና። ሁለተኛ፣ ለኅዳር በዋናነት ሊሠራ የሚችለው ፕሮፎርማ በያዙት 12 ሰዎች ላይ ነው። እያንዳንዳቸውን ሄዶ አግኝቶ ምን እንደያዛቸው መጠየቅ ይገባል። ቅናሽ ሰጥቶ የታኅሣሥን ገዢ ወደ ኅዳር ማምጣትም ይቻላል፤ ያኔ ግን ያ ሽያጭ ከታኅሣሥ ግምት ላይ መቀነስ አለበት።

ቀን ሲቆጠር ጳጉሜን አትረሳ። ነሐሴ 20 የተሰጠ ፕሮፎርማ ጥቅምት 1 ላይ 46 ቀን ሆኖታል፤ ጳጉሜን የዘለለ ሰው ግን 41 ይላል። ሌሎቹ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ በእጅ መቁጠር ቀላል ነው። በኤክሴል ለሚሠራ ግን ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስገባት ይሻላል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ቀኖችን ሲያቀናንስ ልዩነታቸው ይዛባበታል።

አማካዩ የሚደብቀው

90 ቀን የሚለው አማካይ ራሱ መመርመር አለበት። ዘጠኝ ሽያጮች ይህን ያህል ቀን ፈጁ እንበል፦ 55፣ 60፣ 65፣ 70፣ 75፣ 80፣ 85፣ 90 እና 230። አማካያቸው ልክ 90 ነው። ነገር ግን ከዘጠኙ ስምንቱ በ90 ቀን ወይም ከዚያ በታች አልቀዋል፤ የስምንቱ አማካይ 72.5 ቀን ብቻ ነው። አማካዩን ወደ ላይ የጎተተው አንዱ ባለ 230 ቀኑ ነው።

ያ ደንበኛ ማነው ብለን መዝገቡን ብንከፍት ብዙ ጊዜ የምናገኘው በብድር ወይም በሊዝ ፋይናንስ የሚገዛ ሰው ነው። ማሽኑን ወዶታል፣ በዋጋውም ተስማምቷል፤ የሚጠብቀው የልማት ባንክን ወይም የሌላ አበዳሪን ውሳኔ ነው። የእሱን ሰዓት የሚቆጥረው ባንኩ እንጂ ሻጩ አይደለም። ስለዚህ በራሱ ገንዘብ የሚገዛውንና በብድር የሚገዛውን በሁለት ዝርዝር መለየት፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ቀንና የራሱን ምጣኔ ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ላይ ሲደባለቁ የፊተኛው ከልክ በላይ ይዘገያል፣ የኋለኛው ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ለሁለቱም የማይሆን ቁጥር ይወጣል።

ዕድሜም እንደዚሁ መታየት አለበት። ከመስከረም በፊት ፕሮፎርማ ከወሰዱት 8 ሰዎች ሦስቱ በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙ ሆነው ሳለ ወረቀቱን ይዘው 100 ቀን አልፏቸዋል እንበል። ከገዙት ሰዎች መካከል በዚህ ደረጃ ያን ያህል የቆየ ማንም ከሌለ፣ ለእነዚህ 30 በመቶ መስጠት ትክክል አይደለም። በእኛ ስሌት ሦስቱ 0.9 ሽያጭ፣ ማለትም 720 ሺህ ብር ይዘው ተቀምጠዋል። ደውሎ አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ማግኘት፣ ካልተገኘም ከዝርዝሩ ማውጣት ነው። እንዲህ ያሉ ስሞች በየወሩ ሳይወጡ ሲከማቹ፣ በሂደት ላይ ያለው ሥራ በወረቀት እያደገ ሽያጩ ግን ባለበት ይቆማል።

ሦስት ፕሮፎርማ

በእኛ ገበያ ምጣኔውን ከምንም በላይ የሚያዛባው ለማወዳደሪያ ብቻ የሚጠየቅ ፕሮፎርማ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ድርጅቶችና ማኅበራት ዕቃ ሲገዙ ከተለያዩ ሻጮች ዋጋ እንዲያሰባስቡ ደንባቸው ያዝዛል። ከሚሰበሰቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች የሚያሸንፈው አንዱ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የሚገዙበት ቦታ አስቀድሞ ታስቧል። ሻጩ ወረቀቱን ሲሰጥ ሁለቱ ዓይነት ደንበኞች አንድ ይመስላሉ።

በድርጅቱ መዝገብ ፕሮፎርማ ከወሰዱት 60 ሰዎች 20ዎቹ ለማወዳደሪያ የፈለጉ ሆነው ከእነሱ አንድ ብቻ ገዝቶ ቢገኝ፣ ከቀሩት 40ዎቹ የገዙት 17 ናቸው። ስለዚህ 30 በመቶ ያልነው የ5 በመቶና የ42.5 በመቶ ድብልቅ ነበር። አሁን ፕሮፎርማ ይዘው ካሉት 20 ሰዎች 15ቱ የማወዳደሪያ ቢሆኑ፣ የሚጠበቀው ሽያጭ 6 ሳይሆን ሦስት እንኳ አይሞላም። ድብልቁ ሲለወጥ አማካዩ ምጣኔ ዋጋ ያጣል።

መለያው ደንበኛው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። በእውነት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ምድጃው ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ያስፈልገው እንደሆነ፣ በቀን ስንት ዳቦ እንደሚጋግር፣ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝና መቼ እንደሚረከብ ይጠይቃል። ለማወዳደሪያ የመጣው ማኅተም ያለበት ወረቀት ዛሬውኑ እንዲሰጠው ይፈልጋል። የሽያጭ ሠራተኛው ፕሮፎርማ በሰጠበት ቀን ይህን በአንድ ምልክት መዝገቡ ላይ ካሰፈረ፣ ሁለቱን ለየብቻ ማስላት ይቻላል።

ብሩ በመጨረሻ

ትንበያው በመጀመሪያ በሽያጭ ብዛት ይሠራ፣ በመጨረሻ ወደ ብር ይለወጥ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማሽን የቀድሞ ዋጋው ለግምት አይሆንም። በብር የተሠራ ያለፈ ዓመት አማካይ ይዞ የሚተነብይ ሰው የዋጋውን ለውጥ ከደንበኛው ብዛት ጋር ይቀላቅላል። ብዛቱን ከመዝገቡ፣ ዋጋውን ዛሬ ከሚሰጠው ፕሮፎርማ መውሰድ ይሻላል። ዋጋ በአንድ ጊዜ ከፍ ካለ ምጣኔውም ሊወርድ ይችላልና ከጭማሪው በኋላ የጠየቁትን ሰዎች ለብቻ መከታተል ያስፈልጋል።

የጥቅምቱ 8.4 ሽያጭም የተስፋ ቃል አይደለም። ድርድር ላይ ያሉት 8፣ ፕሮፎርማ የያዙት 8 ብቻ ስለሆኑ ሁለት ሰዎች ሐሳባቸውን ቢለውጡ ቁጥሩ ይናጋል። ምጣኔዎቹና ቀኖቹ ልክ ቢሆኑ እንኳ፣ ከአራት እንዲህ ያሉ ወሮች በሦስቱ ገደማ ሽያጩ ከ7 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለባለቤቱ የሚነገረውም «ከ5.6 እስከ 8 ሚሊዮን ብር» መሆን አለበት። ደመወዝና የባንክ ዕዳ የሚታሰበው በታችኛው ቁጥር ነው። ቅድመ ክፍያው የሽያጩ ከፊል ብቻ መሆኑም አይረሳ፤ ቀሪው ገንዘብ የሚገባው ማሽኑ ሲረከብ ነውና የሽያጭ ትንበያ የገንዘብ ትንበያ አይደለም።

የቀን ስሌት የማይሠራበት ጊዜም አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የመሥሪያ ቤት ግዢ ፕሮፎርማው 60 ቀን ሞላው አልሞላው ብሎ ሳይሆን በጀቱ ከመዘጋቱ በፊት ለመድረስ ይሮጣል። ለእነዚህ ደንበኞች ካለፉት ዓመታት የግንቦትና የሰኔ ሽያጭ መነሳት ከአማካይ ቀን የተሻለ ግምት ይሰጣል።

ስህተቱን ከየት እንደመጣ ማወቅ

ትንበያው ጥቅምት 1 በስም ዝርዝር ተጽፎ ይቀመጥ፤ ጥቅምት 30 ዝርዝሩ እንደገና ይከፈት። 8.4 ተጠብቆ 5 ብቻ ተሸጠ እንበል። የጥቅምት ናቸው ከተባሉት 16 ሰዎች ያልገዙት 11 የት ናቸው? ብዙዎቹ «ትተነዋል» ወይም «ከሌላ ገዝተናል» ብለው ከሆነ የተሳሳተው ምጣኔው ነው፤ 75 ወይም 30 በመቶ ያልነው ከፍ ብሏል። ብዙዎቹ ገና እየተደራደሩ ከሆነ ግን ምጣኔው ደህና ነው፤ ያጠረው የሰጠናቸው ቀን ነው፣ ሽያጩም ወደ ኅዳር ተሻግሯል። በመጀመሪያው ሁኔታ የኅዳርና የታኅሣሥ ግምት መቀነስ አለበት፤ በሁለተኛው ደግሞ የኅዳር ግምት ይጨምራል። ከወሩ የጎደለው ቁጥር በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ መደረግ ያለበት ግን ተቃራኒ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን በስም ሳይይዝ ድምሩን ብቻ የሚያይ ኃላፊ የትኛውን እንደሚያደርግ ሊያውቅ አይችልም።